የሽያጭ ደብተሩና የመሳቢያው ገንዘብ፤ ለባለ ሱቅ የሚሆን ቀላል የሒሳብ አያያዝ

በነፋስ መውጫም ሆነ በአርብ ገበያ፣ በወገዳም ሆነ በመካነ ኢየሱስ ሱቅ ከፍቶ የሚነግድ ሰው የዕለት ሽያጩን በደብተር መጻፉ እንግዳ ነገር አይደለም። ከባንኮኒው ሥር አንድ የተማሪ ደብተር ይቀመጣል፤ ዕቃ በተሸጠ ቁጥር ዋጋው ይጻፋል፤ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ይደመራል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ወሩ ሲያልቅ ባለ ሱቁ ደብተሩን ገልጦ፣ «ይህን ያህል ሺህ ብር ሸጫለሁ፤ ታዲያ ገንዘቡ የት ሄደ?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ፣ ደብተሩ መልስ አይሰጠውም።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የሽያጭ ደብተር የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ምን ያህል ተሸጠ የሚለው ነው። ከተሸጠው ውስጥ ምን ያህሉ በእጅ እንደ ገባ፣ ምን ያህሉ በሰው እጅ እንዳለ፣ ለምን ለምን እንደ ወጣ፣ በመደርደሪያ ላይስ ምን እንደ ቀረ አያውቅም። መልስ ሲታጣ ደግሞ ግምት ይተካል። አንዱ ባለ ሱቅ የሚያገለግለውን ልጅ ይጠረጥራል፤ ሌላው ከቤተ ሰቡ ጋር ይነታረካል፤ ሦስተኛውም ጉድለቱን በሽያጭ ብዛት እሸፍናለሁ ብሎ ተበድሮ ተጨማሪ ዕቃ ያስጭናል። ሦስቱም የሚጣሉት ከማያውቁት ቁጥር ጋር ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የነጋዴ ጸሐፊ እንደ መሆኑ መጠን፣ ያንኑ የተማሪ ደብተር ሳያስጥል፣ ማታ ማታ ከሩብ ሰዓት የማይበልጥ፣ በወር አንድ ጊዜም የግማሽ ቀን ሥራ የሚጠይቅ አያያዝ ከዚህ ቀጥሎ ለመግለጽ አስቧል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕውቀት መደመርና መቀነስ ነው። የሚያስፈልጉት ዕቃዎችም ሁለት ደብተር፣ አንድ ማስመሪያና የማይጠፋ ቀለም ያለው እስክሪብቶ ናቸው። በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ሲፋቅ ፍንጭ አይተውም፤ ስለዚህ የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል እንጂ አይፋቅም።

ነገሩም አዲስ አይደለም። ሉካ ፓቺዮሊ የሚባል ኢጣሊያዊ መነኩሴ በ1494 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ የዚያችን ከተማ ነጋዴዎች የመዝገብ አያያዝ ሲገልጽ፣ ነጋዴ ሦስት መዝገብ ሊኖረው እንደሚገባ ጽፏል። የመጀመሪያው በየሰዓቱ የሚሆነው ሁሉ እንደ ወረደ የሚጻፍበት ነው፤ ሁለተኛው ያው ነገር በሥርዓት የሚገለበጥበት ነው፤ ሦስተኛው ለእያንዳንዱ ሰውና ለእያንዳንዱ ጉዳይ የየራሱ ገጽ የሚሰጥበት ነው። የእኛ ባለ ሱቅ የያዘው የሽያጭ ደብተር ከመጀመሪያው መዝገብ ገና ግማሹ ብቻ ነው። ሽያጩን ይጽፋል፤ ወጪውን አይጽፍም። ስለዚህ ሥራችን የሚጀምረው የጎደለውን ግማሽ በመሙላት ነው።

የገጹ አሰላለፍ

ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ገጽ ይሰጥ። ሽያጩ ቢያንስም ገጹ ባዶ ቢቀር አይጎዳም፤ ሁለት ቀን በአንድ ገጽ መደራረብ ግን ያደናግራል። በገጹ ራስ ላይ ቀኑና ጠዋት መሳቢያው ውስጥ ለመልስ የተቀመጠው ገንዘብ ይጻፍ። ከዚያ በታች ገጹ በማስመሪያ ይከፈል። በስተግራ የዕቃው ስም፣ ብዛቱና የአንዱ ዋጋ ይሰፍራል፤ በስተቀኝ ሦስት ጠባብ ዓምዶች ይሰመራሉ። አንደኛው በጥሬ ገንዘብ ለተከፈለ፣ ሁለተኛው በስልክ ለተከፈለ፣ ሦስተኛው በዱቤ ለተሰጠ ነው።

ስለ ሁለተኛው ዓምድ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በትናንሽ ከተሞችም ደንበኛው ስልኩን አውጥቶ የሚከፍልበት ጊዜ እየበዛ ሄዷል። እንዲህ ያለው ክፍያ ሽያጭ ነው፤ ነገር ግን መሳቢያው ውስጥ አይገኝም። ከጥሬው ገንዘብ ጋር ከተደመረ ማታ የሚቆጠረው ገንዘብ ሁልጊዜ የጎደለ ይመስላል። በየማታው የዚህ ዓምድ ድምር ከስልኩ መልእክት ጋር ይመሳከር።

ብዛቱና የአንዱ ዋጋ መጻፉም ያለ ምክንያት አይደለም። «ሳሙና 350 ብር» ተብሎ የተጻፈን ነገር ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም። «ሳሙና 10 ፍሬ በ35 ብር፣ 350 ብር» የተባለው ግን ራሱን በራሱ ይመሰክራል። የዚህም ጥቅም ወደ በኋላ ይታያል።

ከሽያጩ መስመሮች በታች፣ በገጹ ግርጌ፣ ለአራት ነገሮች ቦታ ይተው። እነርሱም ከዱቤ ተመላሽ የሆነ ገንዘብ፣ ለዕቃ ግዢ የወጣ ገንዘብ፣ ለሱቁ ወጪ የተከፈለ ገንዘብና ወደ ቤት የተወሰደ ገንዘብ ናቸው። ብዙ ደብተሮች የሚስቱት እነዚህን አራቱን ነው።

የማታው ሒሳብ

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሱቁም ቁጥሩም ለማስረዳት ያህል የታሰቡ ናቸው። በነፋስ መውጫ አንድ ባለ ሱቅ ኅዳር 12 ቀን ጠዋት ለመልስ 600 ብር መሳቢያው ውስጥ አስቀምጦ ሥራ ጀመረ። ማታ ዓምዶቹን ሲደምር በጥሬ ገንዘብ 3,150 ብር፣ በስልክ 820 ብር፣ በዱቤ 940 ብር ሆነ። የዕለቱ ሽያጭ ጠቅላላው 4,910 ብር ነው። እንደ ወትሮው ቢሆን ሥራው እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

በገጹ ግርጌ ደግሞ የሚከተለው ተጽፏል። አንድ ደንበኛ ያለፈውን ወር ዕዳውን 450 ብር በጥሬ ገንዘብ ከፍሏል። ከጅምላ ነጋዴ በ1,500 ብር ዕቃ ተገዝቷል። ዕቃውን ላወረደው ተሸካሚ 120 ብር ተከፍሏል። ለቤት ቀለብ 300 ብር ተወስዷል። እንግዲህ መሳቢያው ውስጥ መገኘት የሚገባው ገንዘብ እንዲህ ይሰላል፦

ጠዋት የነበረ፦ 600
በጥሬ ገንዘብ የተሸጠ፦ 3,150
ከዱቤ የተመለሰ፦ 450
ድምር፦ 4,200
ለዕቃ ግዢ፣ ለተሸካሚና ለቤት የወጣ (1,500፣ 120ና 300)፦ 1,920
መገኘት የሚገባው፦ 2,280

ባለ ሱቁ መሳቢያውን ከፍቶ ቢቆጥር ያገኘው 2,100 ብር ነው። 180 ብር ጎድሏል።

በዚህ ሰዓት የሚሠራው ሥራ የሱቁን ሰላም ይወስናል። ሱቁን ቀን ቀን የሚጠብቀው አንድ ወጣት ረዳት አለ፤ ጥርጣሬው በቀጥታ ወደ እርሱ ይሄዳል። የሰው ስም ከመነሣቱ በፊት ግን ቁጥሩ ይመርመር። ጸሐፊዎች ከሚያውቋቸው መመርመሪያዎች አንዱ የተገኘውን ልዩነት ለ9 ማካፈል ነው። ያለ ቀሪ የሚካፈል ከሆነ፣ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው የተጻፉበት መስመር ሊኖር ይችላል። 53 በ35 ፈንታ ቢጻፍ ልዩነቱ 18 ነው፤ 72 በ27 ፈንታ ቢጻፍ 45 ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ አኃዞች በተለዋወጡ ቁጥር ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። 180 ለ9 ሲካፈል 20 ይሆናል፤ ቀሪ የለውም።

ባለ ሱቁ ይህን ይዞ ገጹን ከላይ ወደ ታች ቢያይ፣ «ሳሙና 10 ፍሬ በ35 ብር» ከሚለው ጎን 530 ተጽፎ አገኘ። አሥር ጊዜ ሠላሳ አምስት 350 ነው። ገንዘቡ በትክክል ተቀብሎ ነበር፤ የተሳሳተው እጁ ነበር። ቁጥሩ ሲታረም በጥሬ ገንዘብ የተሸጠው 2,970 ብር፣ ጠቅላላ ሽያጩም 4,730 ብር ይሆናል። መሳቢያው ውስጥ መገኘት የሚገባውም 2,100 ብር ስለሚሆን ከተቆጠረው ጋር ይገጥማል። ብዛቱና የአንዱ ዋጋ ባይጻፍ ኖሮ፣ 530 እንደ ጸና ቀርቶ አንድ ታማኝ ልጅ በ180 ብር ስሙ ይጠፋ ነበር።

ልዩነቱ ለ9 የማይካፈል ከሆነ ለሁለት ይካፈል። የገባ ገንዘብ እንደ ወጣ፣ ወይም የወጣው እንደ ገባ ተቆጥሮ ከሆነ ጉድለቱ የዚያ ገንዘብ እጥፍ ነው። ስለዚህ የግማሹን መጠን የያዘ መስመር በገጹ ውስጥ ይፈለግ። ልዩነቱ በገጹ ላይ ካለ ከአንድ ቁጥር ጋር ልክ ለልክ ከገጠመ ደግሞ፣ ያ ገንዘብ ምናልባት ሁለት ጊዜ ተጽፎ ወይም በዱቤ የሄደው በጥሬ ገንዘብ ዓምድ ገብቶ ይሆናል። ይህ ሁሉ ተፈልጎ ካልተገኘ፣ ልዩነቱ «ጉድለት» ወይም «ብልጫ» ተብሎ ከነመጠኑ ይጻፍ። ከኪስ አውጥቶ መሙላት ወይም ብልጫውን በዝምታ ማንሣት መዝገቡን ሐሰተኛ ያደርገዋል። ከመልስ ስሕተት የሚመጣ ጉድለት አንድ ቀን ይጎድላል፤ ሌላ ቀን ይበልጣል። ሁልጊዜ የሚጎድልና ከቶ የማይበልጥ መሳቢያ ግን ሌላ ምክንያት አለው፤ ይህንንም ማወቅ የሚቻለው የሠላሳ ቀን ልዩነት በተርታ ተጽፎ ሲገኝ ነው።

ከቆጠራው በኋላ 600 ብር ለነገ መልስ ይቀመጣል፤ የቀረው 1,500 ብር ወደ ባንክ ወይም ወደ ማስቀመጫ ሣጥን ሲሄድ ይህም በገጹ ላይ ይመዘገባል። የነገው ገጽ በ600 ይጀምራል።

የዱቤው ደብተር

ሁለተኛው ደብተር ለዱቤ ነው። በአገራችን ገጠር የሚነግድ ሰው ያለ ዱቤ መኖር አይችልም። በክረምት፣ እህል ገና ማሳ ላይ ሳለ፣ ገበሬው ጨውና ሳሙና በዱቤ ይወስዳል፤ መኸር ሲገባና እህሉ ለገበያ ሲወጣ ይከፍላል። ስለዚህ ዱቤ በአንድ ወር የሚዘጋ ነገር ባለመሆኑ ከዕለቱ ገጽ ውጭ የራሱ ቤት ያስፈልገዋል።

ለእያንዳንዱ ባለ ዕዳ አንድ ገጽ ይሰጥ። በገጹ ላይ ቀኑ፣ የወሰደው ዕቃ፣ የጨመረው ዕዳ፣ የከፈለው ገንዘብና ከዚያ በኋላ የቀረው ዕዳ በተርታ ይጻፉ። ቀሪው በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ መገለጥ አለበት፤ ባለ ዕዳው መጥቶ «ስንት አለብኝ?» ባለ ጊዜ መልሱ በአንድ እይታ መገኘት ይገባዋልና። ደንበኛው በወሰደ ጊዜም ሆነ በከፈለ ጊዜ ቀሪውን አይቶ ከጎኑ ቢፈርም፣ መጻፍ የማይችል ከሆነም ቀሪው በሌላ ሰው ፊት ተነቦለት እርሱ ካመነበት በኋላ ቢመዘገብ፣ በኋላ ከሚመጣ ክርክር ሁለቱንም ያድናል።

እዚህ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተው ነገር አለ። ባለ ዕዳው በከፈለ ቀን ባለ ሱቁ ገንዘቡን በሽያጭ ዓምድ ይጽፈዋል። ነገር ግን ዕቃው በሄደበት ቀን በዱቤ ዓምድ ውስጥ ሽያጭ ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ አንዱ ዕቃ ሁለት ጊዜ ተሸጠ ማለት ነው፤ ሽያጩም ትርፉም በሐሰት ያብጣል። ሽያጭ የሚጻፈው ዕቃው በሄደበት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የተመለሰ ዱቤ ግን ሽያጭ ስላልሆነ በገጹ ግርጌ «ከዱቤ የተመለሰ» በሚለው ሥር፣ በዱቤው ደብተርም በባለ ዕዳው ገጽ ላይ ይሰፍራል።

ባለ ዕዳው በገንዘብ ፈንታ ገብስ ወይም ጤፍ ይዞ የመጣ እንደ ሆነ፣ በዚያው ቀን የተስማሙበት ዋጋ ይጻፍና ዕዳው በዚያ መጠን ይቀነስ። እህሉ ለሱቁ ሽያጭ ከዋለ ዋጋው በግርጌው «በዕዳ ፈንታ የተገኘ ዕቃ» ተብሎ እንደ ግዢ ይቆጠር፤ ለቤት ምግብ ከሄደ ወደ ቤት እንደ ተወሰደ ይቆጠር። መሳቢያው ግን አልተነካምና በማታው የጥሬ ገንዘብ ስሌት ውስጥ አይገባም።

የወሩ መዝጊያ

የማታው ሒሳብ ገንዘቡን ይጠብቃል፤ ትርፍን ግን አይነግርም። ትርፍን ለማወቅ በወሩ መጨረሻ መደርደሪያው መቆጠር አለበት። በዚህ ረገድ የእኛ አቆጣጠር ለባለ ሱቅ የተመቸ ነው፤ ወራቱ ሁሉ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ አንዱን ወር ከሌላው ጋር ማወዳደር ይቀላል። የጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀናት ከነሐሴ ጋር ቢደመሩ በቂ ነው፤ የነሐሴ ሽያጭ ከሌላው ወር በልጦ ሲታይ ግን ይህ መረሳት የለበትም።

ቆጠራው የሚደረገው ሱቁ በተዘጋበት ሰዓት፣ ሁለት ሰዎች ሆነው አንዱ እየቆጠረ ሌላው እየጻፈ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ በተገዛበት ዋጋ ይተመናል። በመሸጫ ዋጋ መተመን ገና ያልተሸጠውን ዕቃ እንደ ተሸጠ፣ ያልተገኘውንም ትርፍ እንደ ተገኘ መቁጠር ነው። የተበላሸ፣ ጊዜው ያለፈበትና አይጥ የቀደደው ዕቃ ከቆጠራው ይውጣ። ከወረታ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጋይንት በሚመጣው መንገድ ለተጫነ ዕቃ የተከፈለው የጭነት ዋጋም በመግዣው ላይ ይጨመር፤ ዕቃው መደርደሪያ ላይ የደረሰው በዚያ ገንዘብ ጭምር ነውና።

የምሳሌያችን ባለ ሱቅ በኅዳር 1 ቀን መደርደሪያው ላይ 86,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ነበረው። በወሩ ውስጥ ከነጭነቱ 100,000 ብር የሚሆን ዕቃ በጥሬ ገንዘብ ገዛ። በኅዳር 30 ማታ ቢቆጥር 94,000 ብር የሚሆን ዕቃ አገኘ። ከመደርደሪያው የወጣው እንግዲህ 186,000 ሲቀነስ 94,000፣ ማለት 92,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 2,400 ብር የሚያወጣ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ለራሱ ቤት የተወሰደ ነው። ይህ አልተሸጠምና ይቀነሳል። የተሸጠው ዕቃ መግዣ 89,600 ብር ሆነ።

ወሩን በሙሉ የተሸጠው በጥሬ ገንዘብ፣ በስልክና በዱቤ ተደምሮ 108,400 ብር ነው። መግዣው ሲቀነስለት ጥቅል ትርፉ 18,800 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይ 3,500፣ የረዳቱ ደመወዝ 3,000፣ የመብራትና የልዩ ልዩ ጥቃቅን ወጪ 700፣ በድምሩ 7,200 ብር ይቀነሳል። የተጣራው ትርፍ 11,600 ብር ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ባለ ሱቁ ኅዳር 1 ቀን በመሳቢያ፣ በስልክና በባንክ 31,300 ብር ነበረው፤ በወሩ መጨረሻ የተገኘው 17,000 ብር ነው። አትርፏል፤ ገንዘቡ ግን በ14,300 ብር ቀንሷል። የሽያጭ ደብተር ብቻ ያለው ሰው እዚህ ላይ ሌባ ይፈልጋል። የእኛ መዝገብ ግን ገንዘቡ የሄደባቸውን ሦስት ቦታዎች ያሳያል። አንደኛ፣ የመደርደሪያው ዕቃ ከ86,000 ወደ 94,000 አድጓል፤ 8,000 ብር በዕቃ ተይዟል። ሁለተኛ፣ በወሩ ውስጥ 21,000 ብር በዱቤ ሲሰጥ የተመለሰው 14,500 ብር ብቻ ነው፤ 6,500 ብር በደንበኞች እጅ ነው። ሦስተኛ፣ በየቀኑ 300 ብር ለቤት ሲወሰድ በሠላሳ ቀን 9,000 ብር ሆኗል፤ በዓይነት ከተወሰደው 2,400 ብር ጋር 11,400 ብር ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 25,900 ብር ናቸው። ይህም የወሩ ትርፍ 11,600ና ከነበረው የቀነሰው 14,300 ተደምረው ከሚሰጡት ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል። የጠፋ ገንዘብ የለም።

ከዚህ በኋላ ባለ ሱቁ ምን ማድረግ እንደሚገባው ቁጥሩ ይጠቁማል። ከትርፉ 11,600 ብር ውስጥ 11,400ው በቤት አልቋል፤ ስለዚህ ሱቁ ከራሱ ትርፍ ያደገው በ200 ብር ብቻ ነው። በመደርደሪያው ላይ የተጨመረው ዕቃና አዲሱ ዱቤ ማለት ይቻላል በሙሉ የተሸፈኑት ከቀድሞው ገንዘብ ነው። በሚቀጥለው ወር ግዢውን መቀነስ፣ ዱቤ ለመስጠት ወሰን ማበጀት፣ ወይም ለቤት የሚወሰደውን ማሳነስ ከሦስቱ አንዱን ይመርጣል። እንዲያው «ሽያጭ ላብዛ» ማለት ግን በዱቤ የሚሸጥ ከሆነ ያንኑ ጉድለት ያሰፋዋል።

የዚህ አያያዝ ወሰን

ይህ አያያዝ የማይበቃባቸው ነገሮች አሉ። ዕቃ ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ የሚወስድ ባለ ሱቅ በሁለተኛው ደብተር መጨረሻ ላይ ለሚከፍለው ዕዳ ሌላ ገጽ ማበጀት አለበት፤ ዕቃው በገባበት ቀን ግዢ ተብሎ ይቆጠራል፤ ገንዘቡ ግን ከመሳቢያ የሚቀነሰው በተከፈለበት ቀን ነው።

ሁለተኛው ወሰን ዋጋ እየናረ ሲሄድ የሚታይ ነው። ባለፈው ወር በ100 ብር የተገዛ ዕቃ በ120 ብር ቢሸጥ መዝገቡ 20 ብር ትርፍ ያሳያል። ያው ዕቃ ዛሬ በጅምላ 118 ብር ከገባ ግን፣ ቦታውን ለመተካት ከዚያው ትርፍ 18 ብሩ ይሄዳል። መዝገቡ አልዋሸም፤ ነገር ግን ባለ ሱቁ ትርፉን ሁሉ ለቤት ካወጣ መደርደሪያው ሳይታወቀው ይሳሳል። ስለዚህ ዋጋ በሚጨምርበት ጊዜ ከቆጠራው የብር መጠን ጎን የዕቃው ብዛትም ይታይ፤ ስንት ኩንታል ስኳር፣ ስንት ካርቶን ሳሙና እንዳለ ከወር ወደ ወር ይነጻጸር።

ሦስተኛ፣ ይህ አያያዝ ለግብር በሕግ የተጠየቀውን ደረሰኝና መዝገብ አይተካም። ነገር ግን የመንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ፣ አሥራ ሁለቱ ወራዊ መዝጊያዎች ከሐምሌ ጀምረው ቢደረደሩ የዓመቱ ሽያጭ፣ ግዢና ወጪ በአንድ ገጽ ይጠቃለላል። በግምት የተጣለ ግብር በዝቷል ብሎ አቤቱታ የሚያቀርብ ነጋዴ የቃል ማስረጃ ብቻ ይዞ ከመሄድ ይህን ይዞ ቢሄድ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። የግዢ ደረሰኞችም በየወሩ በአንድ ፖስታ ተጠቅልለው የወሩ ስም ተጽፎባቸው ይቀመጡ።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው የሚመቸው ቀን የወሩ መባቻ ነው። በዋዜማው ማታ መደርደሪያው በመግዣ ዋጋ ይቆጠር፤ በመሳቢያ፣ በስልክና በባንክ ያለው ገንዘብ ይጻፍ፤ በሰው እጅ ያለው ዱቤ ለእያንዳንዱ ባለ ዕዳ በየገጹ ይስፈር። የቀድሞውን ደብተር ወደ ኋላ ሄዶ ለማስተካከል መድከም አያስፈልግም። እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ካሉ የመጀመሪያው ገጽ ተከፍቷል ማለት ነው፤ ከሠላሳ ቀን በኋላም ገንዘቡ የት እንደ ሄደ ለሚጠይቅ ሁሉ ከዚያው ገጽ መልስ ይገኛል።